የጀርመኑ «ዚ» የኛ «እርስዎ» አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጀርመን አገር የነርስነት ሥልጠና ጀምሬያለሁ። አብረውኝ የሚሠሩ የ58 ዓመት ሴት «ዱ በይኝ» አሉኝ፤ አንቺ በይኝ ማለታቸው ነው። እናቴ ብትሰማ ትደነግጣለች፤ በኛ አገር እርስዎ ነው የሚባሉት። አፌ አልታዘዝ ብሎኝ «ዚ» ስላቸው ደግሞ ቅር ያላቸው ይመስላል። ታማሚዎቹን ግን ዚ በይ ተብያለሁ። ከትምህርት ቤት የቀረ ፈረንሳይኛ አለኝ፣ ስፓኒሽም በስልኬ እየተለማመድኩ ነው። እዚያስ እንዴት ነው? መቼ የትኛውን ልበል? እርስዎ ቢያስረዱኝ።

መልስ፦

አንቺ እርስዎ ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ እኔ አንቺ እያልኩ እመልስልሻለሁ። ለሁለታችንም ምንም አይከብደንም። በዕድሜ እበልጥሻለሁ፣ አስተማሪም ነኝ፣ በቃ። ይህንኑ በጀርመንኛ ብንጻጻፍ ግን ያነበበ ሁሉ «ሰውዬውን ምን ነካው?» ይል ነበር። አንቺ ዚ ስትይኝ እኔ ዱ ብዬ ብመልስልሽ ንቀት ነው የሚሆነው። ያስቸገረሽ ነገር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

በአማርኛ አንቱታ ወደ ላይ ይሄዳል። ወጣት ለሽማግሌ፣ ሠራተኛ ለአለቃ እርስዎ ይላል። የሚመለስለት አንተ ወይም አንቺ ነው፤ ማንም ቅር አይለውም። «አንቱ የተባለ» የምንለውም ስም ያተረፈ ሰው ነው። አንቱታ በዕድሜ ወይም በሥራ የሚገኝ ነገር ነው። ጀርመን ውስጥ ዚ ለመባል ግን ምንም ማድረግ አያስፈልግሽም። ዕድሜሽ ወደ 16 ሲጠጋ የማያውቅሽ ሰው ሁሉ ዚ ይልሻል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የጽዳት ሠራተኛዋን ዚ ይላታል፣ እሷም ዚ ትለዋለች። ዳኛውና ተከሳሹም እንደዚያው ናቸው።

አውሮፓም ድሮ እንደኛ ነበረች። ጌታው አሽከሩን አንተ ይለዋል፣ አሽከሩ እርስዎ ብሎ ይመልሳል። ልጅም ለአባቱ እንደዚያው። ሮጀር ብራውን እና አልበርት ጊልማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960 ይህን ጉዳይ አጥንተው ያስቀመጡት ነጥብ እስከ ዛሬ ይጠቅማል። በፊት የሚለካው ሥልጣን ነበር፤ እየቆየ መለኪያው ቅርበት ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ሁለት አዋቂዎች ወይ ሁለቱም ዚ ይባባላሉ፣ ወይ ሁለቱም ዱ ይባባላሉ። አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል የሚባለው በአዋቂዎች መካከል የለም ማለት ይቻላል። ለፈረንሳይኛም በደንብ ይሠራል። ለስፓኒሽ ከፊሉ ብቻ ነው የሚሠራው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ባልደረባሽ እንምጣ። ሴትየዋ ዱ በይኝ ሲሉሽ ክብራቸውን አልጣሉም። «ከእኛ አንዷ ሆነሻል» ነው ያሉሽ። ከዚያ በኋላ አንቺ ተመልሰሽ ዚ ስትያቸው እሳቸው የሚሰሙት አክብሮት አይደለም፤ ኩርፊያ ነው። ጀርመኖች ዱ ከተባባሉት ሰው ጋር ወደ ዚ የሚመለሱት ክፉኛ ሲጣሉ ነው። ሴትየዋ ቅር ቢላቸው አይገርምም። «ምን በደልኳት?» እያሉ ይሆናል።

ዱን የሚያቀርበው ማን ነው? ታላቁ ለታናሹ፣ አለቃው ለበታቹ፣ ነባሩ ለአዲሱ። አንቺ አዲስም ወጣትም ስለሆንሽ ያንቺ ድርሻ መጠበቅ ነው። ሁለቱ ሲጋጩ፣ ለምሳሌ አለቃዋ 35፣ ሠራተኛው 60 ዓመት ሲሆኑ፣ ሥራ ቦታ ላይ የሚያመዝነው ማዕረጉ ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ቁርጥ ያለ ነው፦ «ቮለን ቪር ኡንስ ዱትሰን?» ዱ እንባባል ወይ ማለት ነው። አንዳንዴ ግን ጥያቄ መስሎ አይመጣም። እጃቸውን ዘርግተው «ኢሽ ቢን ዲ ፔትራ» ካሉሽ፣ ማለትም የራሳቸውን ስም ብቻ ከነገሩሽ፣ ዱ ቀርቦልሻል። «ሽናይደር» ብለው የቤተሰብ ስማቸውን ከነገሩሽ ዚ ነው። ጀርመንኛ ውስጥ ስሙና ተውላጠ ስሙ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ዱ ከራስ ስም ጋር፣ ዚ ከ«ፍራው» ወይም «ሄር»፣ ወይዘሮ ወይም አቶ እንደማለት፣ እና ከቤተሰብ ስም ጋር። ስታዳምጪ ስሙን ያዢ፣ ሌላው ይከተላል።

(ይህን የሚያፈርሱ ቦታዎች አሉ። ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋ በሰው ፊት ጮክ ብላ ጓደኛዋን «ፍራው ሙለር፣ ዱ የቲማቲሙን ዋጋ ታውቂያለሽ?» ስትል ትሰሚያለሽ። ደንበኛ ፊት ስለሆነች ፍራው አለች፣ ጓደኛዋ ስለሆነች ዱ አለች። አንዳንድ ቢሮ ደግሞ በራስ ስም እየተጠሩ ዚ ይባባላሉ። ለማወቅ ያህል ነው፤ አንቺ አትጀምሪው።)

ለቀረበልሽ ዱ መልሱ አጭር ነው፦ «ገርነ!»፣ ደስ ይለኛል እንደማለት፤ ከዚያ ስምሽን መንገር። እምቢ ማለት ይቻላል፣ ግን ሰው ያስቀይማል። ለባልደረባሽ፣ ፔትራ እንበላቸውና፣ አሁን ምን ትያቸዋለሽ? እንደሚከብድሽ በግልጽ ንገሪያቸው፦ «እንትሹልዲጉንግ፣ ኢሽ ሙስ ሚሽ ኖኽ ዳራን ገቮነን።» ይቅርታ፣ ገና እየለመድኩት ነው ማለት ነው። በአገርሽ ለታላቅ ሰው ሌላ አጠራር እንዳለ ብትጨምሪላቸው አብዛኛው ሰው ይገባዋል፤ ወሬም ይከፍትላችኋል። ከዚያ በኋላ ግን ዱ በያቸው። ለእናትሽ በስልክ ስትነግሪያት «እሳቸው» ማለትሽን ማንም አይከለክልሽም። ጀርመንኛ ስለ ሌላ ሰው ሲወራ የሚያገለግል አንቱታ የለውም። ስለ ዋናው ሐኪምም ስለ ዘበኛውም ሲወራ ያው «እሱ» ነው። ስለዚህ ባልደረቦችሽ ስለ አለቃቸው በሌለበት ሲያወሩ የደፈሩት ቢመስልሽ አይደለም።

ታማሚዎች ጋር ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው፣ «ዚ በይ» ያሉሽም ልክ ናቸው። አዋቂ ታማሚ ሁሉ ዚ ነው፣ ከፍራው ወይም ሄር እና ከቤተሰብ ስሙ ጋር። ምክንያቱ ዕድሜያቸው ብቻ አይደለም። ሰውዬው ልብሱን አውልቆ፣ ሽንት ቤት በሰው እጅ እየሄደ አልጋ ላይ ተኝቷል። አንቺ ገላውን ታጥቢያለሽ። ሰውነቱ ላይ እንዲህ ስትቀርቢው፣ በቃል ያለው ርቀት ነው ክብሩን የሚጠብቅለት። ለዚህ ነው የነርስነት አስተማሪዎች ሳይጠየቁ ታማሚን ዱ ማለትን አጥብቀው የሚቃወሙት።

በተለይ የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ጋር ትፈተኛለሽ። ዚ ብለሽ በቤተሰብ ስማቸው ስትጠሪያቸው ዞር ብለው የማያዩ አሉ። ባል ከማግባታቸው በፊት ወደነበረው ዘመን ተመልሰዋል፣ ያንን ስም አያውቁትም። በራስ ስማቸውና በዱ ሲጠሩ ግን ፊታቸው ይበራል። እንዲህ ሲሆን ዱ ይፈቀዳል፤ ግን አንቺ በራስሽ አትወስኚውም። ከቤተሰቡና ከቡድኑ ጋር ተነጋግረው ይወስኑና የክብካቤ ዕቅዱ ላይ ይጻፋል፤ ሌላውም ተረኛ ያንኑ ይከተላል። አንዲት አሮጊት በተቃራኒው አንቺን ዱ ቢሉሽ ደግሞ በዱ አትመልሺላቸው። በዚያ ሰዓት ልጃቸው ወይም የድሮ ጎረቤታቸው መስለሻቸው ይሆናል። አንቺ በዚ ቀጥዪ።

ሕጻናት ክፍል ከገባሽ ልጆቹ ዱ ናቸው። ትንንሾቹ ላንቺም ዱ ይሉሻል፣ ባለጌ ስለሆኑ አይደለም፣ ዚን ገና ስላልያዙት ነው። ችግር የሚፈጥሩት ከ15 እስከ 17 ያሉት ናቸው። የጀርመን ትምህርት ቤቶች በከፍተኛዎቹ ክፍሎች ተማሪን ዚ ማለት ይጀምራሉ። አንዱን ጎረምሳ ዱ ብትይው ሊከፋው፣ ዚ ብትይው ሊስቅ ይችላል። ጠይቂው፦ «ዳርፍ ኢሽ ዱ ዛገን?» ዱ ልበልህ ወይ ማለት ነው። አብዛኛው አዎ ይልሻል።

ሐኪሞቹን በተመለከተ እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱ ልማድ አለው። ነርሶች እርስ በርሳቸው ዱ ነው፤ ወጣት ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ ዱ ይባባላሉ። ዋናው ሐኪም ግን እስኪያቀርቡልሽ ድረስ ዚ ናቸው። ሌሎች ባልደረቦችሽ ዱ ሲሏቸው ብትሰሚ እንኳ አንቺን አይጨምርም። ዱ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚሰጠው።

አሁን ከተውላጠ ስሙ ምርጫ በላይ ተማሪን የሚያጋልጠውን ልንገርሽ። ዚ ብለሽ ጀምረሽ ዱ ብለሽ መጨረስ ነው። ለታማሚ እንዲህ ስትይ ሰምቼሽ ቢሆን አይገርመኝም፦ «ሃበን ዚ ዳይነ ታብሌተን ገኖመን?» በአማርኛ «መድኃኒትሽን ወሰዱ?» እንደማለት ነው። መጀመሪያው ዚ ነው፣ «ዳይነ» ግን የዱ ነው። ትክክሉ «ሃበን ዚ ኢረ ታብሌተን ገኖመን?» ነው። ዱን ከመረጥሽ ዲር፣ ዲሽና ዳይን አብረውት ይመጣሉ። ዚን ከመረጥሽ ኢነንና ኢር ይመጣሉ። ደህንነት ስትጠይቂ «ቪ ጌት ኤስ ኢነን?» ለታማሚ፣ «ቪ ጌትስ ዲር?» ለፔትራ። ብቻቸውን አታጥኚያቸው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር በሁለቱም መልክ ጽፈሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ በሥራሽ ላይ በየቀኑ የምትይውን ብቻ። ተነሽ፣ ተቀመጭ፣ ያምሻል ወይ፣ ክንድሽን ስጪኝ። ትእዛዙ ላይም ልዩነት አለ። ነይ ለማለት ለዱ «ኮም!» ይበቃል፤ ለዚ ግን ተውላጠ ስሙን መጥራት ግዴታ ነው፦ «ኮመን ዚ ቢተ!»

ስትጽፊ ዚ፣ ኢነንና ኢር ሁልጊዜ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። ካልሆነ «እሷ» ወይም «እነሱ» ተብሎ ይነበባል፤ ድምፁ አንድ ነውና። ዱ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ደብዳቤና መልእክት ላይ በትልቅም ቢጻፍ ስሕተት አይደለም።

ፈረንሳይኛሽ ከትምህርት ቤት ስለሆነ የዚ አቻ የሆነው «ቩ» አፍሽ ላይ ይኖራል፤ ጥሩ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የማታውቂው አዋቂ ሰው ሁሉ ቩ ነው፤ ዳቦ ሻጩም፣ የአውቶቡስ ሹፌሩም፣ አከራይሽም። ዕድሜ እኩያሽ የሆኑ ተማሪዎችና ወጣቶች ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ «ቱ» ይባባላሉ፤ የዱ አቻ ነው። እዚያ መሀል ቩ ብትይ ቀዝቃዛ ትመስያለሽ። ከጀርመንኛ የሚለየው ስሙ ነው። ፈረንሳዮች በራስ ስም እየተጠራሩ ቩ ይባባላሉ፤ ጎረቤታሞች ለዓመታት እንዲሁ ይቆያሉ። ስለዚህ ሰው «ማሪ በይኝ» ቢልሽ ቱ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ቱ ሲፈቀድ በግልጽ ይባላል፦ «ኦን ስ ቱቷ?» ቱ እንባባል ወይ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ መሹለኪያ አለሽ። «ሳ ቫ?»፣ እንዴት ነው እንደማለት፣ ቱም ቩም የለበትም። ፈረንሳዮችም እርግጠኛ ካልሆኑ ተውላጠ ስም የሌለበት ዓረፍተ ነገር እየመረጡ ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃሉ። እዚህም ቅልቅሉ ነው የሚያጋልጠው። በተለይ «ሲል ተ ፕሌ» እና «ሲል ቩ ፕሌ»፤ ሁለቱም እባክህ፣ እባክዎ ነው። ቩ እያልሽ ቆይተሽ መጨረሻ ላይ «ሲል ተ ፕሌ» ካልሽ ሁሉም ነገር ፈረሰ።

አዋቂ ልጅን ቱ ይላል፣ ልጅ ለማያውቀው አዋቂ ቩ ይመልሳል። ሽቅብና ቁልቁል የቀረው እዚህ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2018 ፓሪስ አጠገብ በሞን ቫሌሪያን በተደረገ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ አንድ ተማሪ ፕሬዚዳንት ማክሮንን በቁልምጫ «ማኑ» ብሎ ጠራቸው። እሳቸው ቆም ብለው «ሙሲዬ ለ ፕሬዚዳን» ወይም «ሙሲዬ» በለኝ ብለው ገሠጹት። ሲገሥጹት ደግሞ ልጁን ያሉት ቱ ነው። ልጅ ነዋ።

ላንቺ ግን እንዲህ አይሠራም። አዋቂ ነሽ። ይህን የምልሽ ለስደተኛ ቱ ማለት የሚቀናቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ቋንቋው ስለማይገባት አይከፋትም ብለው ይሆናል፣ ወይም ሆን ብለው ነው። በፈረንሳይ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የሚሠራው የፖሊስና የዣንዳርም የሥነ ምግባር ደንብ ፖሊስ ለሕዝብ ቩ ማለት እንዳለበት በጽሑፍ ያዛል። መንገድ ላይ ያስቆመሽ ፖሊስ ቱ ካለሽ ደንብ እየጣሰ ነው። አንቺ ግን በቱ አትመልሺ። ቩ እያልሽ ቀጥዪ። ብዙ ጊዜ ያ ብቻውን ያርመዋል። ጀርመን ውስጥም መስኮት ላይ ያለ የቢሮ ሠራተኛ ዱ ቢልሽ በዚ መልሺለት።

ስፓኒሽ ላይ ከሁሉ በፊት የምትጠይቂው «የየት አገር?» ብለሽ ነው። ስፔን ውስጥ «ቱ»፣ አንተ ወይም አንቺ ማለት፣ ሜዳውን ይዞታል። ሻጩ፣ መምህሩ፣ አንዳንዴም ሐኪሙ ቱ ይልሻል፣ አንቺም መልሰሽ ቱ ትያለሽ። እርስዎ እንደማለት የሆነው «ኡስቴድ» የሚቀረው ለአረጋውያን፣ ለፍርድ ቤትና ለመሳሰለው ነው። የ40 ዓመት ሴት ኡስቴድ ብትያት «ይሄን ያህል አረጀሁ?» ብላ ትስቃለች። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ብትሄጂ ደግሞ ግራ ይገባሻል። ጓደኛሞች፣ ወንድማማቾች፣ ባልና ሚስት እንኳ ኡስቴድ ይባባላሉ። ኮስታሪካ ውስጥ ለሕጻን፣ ለውሻም ሳይቀር ኡስቴድ ይባላል። እዚያ ቃሉ ርቀትን አይነግርሽም። አርጀንቲና ብትሄጂ በቱ ፈንታ «ቦስ» ነው ያለው፤ ግሱም መልኩን ይቀይራል። ስለዚህ ላቲን አሜሪካ ስትገቢ ለአዋቂ በኡስቴድ ጀምረሽ የሚመልሱልሽን ተከተዪ። ስፔን ከሆነ ከአረጋውያንና ከመሥሪያ ቤት በቀር በቱ ጀምሪ።

ስፓኒሽ ላይ ላማርኛ ተናጋሪ የሚቀል ነገር አለ። ተውላጠ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ አይጠራም፤ ግሱ ይናገራል። «ኮሞ ኤስታስ?» ደህና ነህ ወይም ደህና ነሽ ነው፣ «ኮሞ ኤስታ?» ደህና ነዎት ነው። መጨረሻዋ «ስ» ናት ልዩነቱ። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ እንዲህ መተው አይፈቅዱም። ኡስቴድ የሦስተኛ ሰው ግስ የሚይዘው ድሮ «ቩዌስትራ መርሴድ»፣ «ቸርነትዎ» ከሚል አጠራር አጥሮ ስለመጣ ነው። ስለዚህ «እሱ» የሚይዘው ግስ ሁሉ ለኡስቴድ ይሠራል፤ ለብቻው የምታጠኚው ነገር የለም።

ብዙ ሰው ሲሆን ሦስቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ። ፈረንሳይኛ ቩ ብሎ ይገላገላል። ጀርመንኛ የዱዎች ስብስብን «ኢር»፣ የዚዎችን ዚ ይላል፤ ይህ ኢር ከዚ ጋር ከሚመጣው ኢር ጋር ድምፁ ቢመሳሰልም ሌላ ቃል ነው። ቡድኑ ውስጥ ዋናው ሐኪም ካሉ ብዙ ሰው ኢር ብሎ ያልፈዋል። ስፔን የቅርብ ወዳጆችን «ቦሶትሮስ» ትላለች፣ ላቲን አሜሪካ ግን ለሁሉም «ኡስቴዴስ»። ኩባ ተምረው የመጡ ኢትዮጵያውያን ካገኘሽ አዳምጫቸው። ስፓኒሻቸው ጥሩ ነው፣ ቦሶትሮስ ግን አይሉም። ስልክሽ የሚያስተምርሽ ቦሶትሮስ የሚል ከሆነ የስፔኑን ነው የሚሰጥሽ፤ ካልሆነ የላቲን አሜሪካውን።